የሌክቸር ቪዲዮ በ ffmpeg ማሳነስ፦ -crf ስንት ላይ ላቁም?

ሰሌዳ_ፊት

ሰላም ለዚህ ቤት። ሌክቸሮችን በካሜራ የምቀርጸው እኔ ነኝ። አሁን የያዝኩት ቪዲዮ 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይረዝማል። 1920x1080 ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ፋይሉ 16.5 ጊጋባይት። ካሜራው ከኋላ ትራይፖድ ላይ ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። መሀል ላይ መብራት ቀነስ ይደረግና በፕሮጀክተር ስላይድ ያሳያል።

ተማሪዎቹ በስልክም በኮምፒውተርም ያዩታል፣ ስለዚህ በዚህ መጠን ልሰጣቸው አልችልም። የምጠቀመው ትእዛዝ ይሄ ነው፦

```
ffmpeg -i lecture.mp4 -c:v libx264 -crf 23 -c:a copy out.mp4
```

ያነበብኩት ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ 18 ይላል፣ ሌላው 23፣ ሌላው 28። ጥያቄዬ አንድ ነው። የሰሌዳው ጽሑፍ ሳይበላሽ እስከ ስንት ድረስ ልውጣ?

ጥራት_ወዳድ

18 አድርገው ወንድሜ፣ ብዙ አትጨነቅ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል። 18 ላይ ዋናውንና የተጨመቀውን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ልዩነቱን አታገኘውም። 23 ነባሪው ስለሆነ ነው ሰው የሚጠቀመው እንጂ ማንም አስቦበት አይደለም።

የርቀት_መምህር

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። እኔ ግን የምቀርጸው የኮምፒውተሬን ስክሪን ነው። የአንድ ሰዓቱ ፋይል 180 ሜጋባይት ነበር። ላሳንሰው ብዬ በ 18 ባሳልፈው 310 ሆኖ ወጣ! ይሄ ነገር ያሳንሳል ወይስ ያሳድጋል?

ቢት_ቆጣሪ

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። መጀመሪያ የሰሌዳውን ልመልስ።

ሲአርኤፍ ፐርሰንት አይደለም። ለኢንኮደሩ "ይህን ያህል ዝርዝር ብትጥል አልቀየምህም" እያልከው ነው። የፋይሉ መጠን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ውጤት ነው፤ አስቀድሞ አታውቀውም። በ libx264 ቁጥሩ ከ0 እስከ 51 ይሄዳል። በግምት 6 ስትጨምር ቢትሬቱ በግማሽ ይወርዳል። ግን ይሄ ግምት ብቻ ነው፣ እንደ ቪዲዮው ይለያያል።

18 የሚለው ምክር ግማሹ እውነት ነው። ጥራቱ ላይ ቅሬታ አይኖርህም። ችግሩ በደብዛዛ ክፍል የተቀረጸ ቪዲዮ ውስጥ ኖይዝ ሞልቷል። ሰሌዳው ላይ የሚርመሰመሱትን ነጠብጣቦች ማለቴ ነው። 18 ስትለው ኢንኮደሩ እነሱንም አንድ በአንድ በታማኝነት ይይዝልሃል። ነጠብጣቦቹ ደግሞ ከፍሬም ፍሬም ስለሚቀያየሩ ካለፈው ፍሬም መቅዳት አይችልም፤ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጽፋቸዋል። ጊጋባይቶቹ የሚሄዱት እዚያ ነው። ለመምህሩ ፊትም ለጽሑፉም የሚደርሰው ትንሽ ነው።

ስለዚህ ከሰው ቁጥር አትውሰድ። ከቪዲዮህ ውስጥ በጣም ከባዱን አንድ ደቂቃ ምረጥና እሱ ላይ ሞክር። ከባዱ ማለት መምህሩ እየተንቀሳቀሰ ትንንሽ ነገር የሚጽፍበት ነው፦ ክፍልፋይ፣ ትንሽ የራስጌ ቁጥር፣ ሳሳ ያለ የጠመኔ መስመር። መግቢያውን አትምረጥ። ሰላምታ ሲሰጥ 28 ላይም ያምራል።

```
for q in 18 20 23 26 28; do
  ffmpeg -ss 00:41:00 -i lecture.mp4 -t 60 \
    -c:v libx264 -preset slow -crf $q -an t$q.mp4
done
```

41ኛው ደቂቃ ምሳሌ ነው፣ የራስህን ፈልግ። ድምፁን ያወጣሁት የምስሉ መጠን ብቻ እንዲታይህ ነው።

ቢት_ቆጣሪ

@የርቀት_መምህር ያንተ ፋይል መጀመሪያውኑ ተጨምቋል። በሰዓት 180 ሜጋባይት ማለት ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ 400 ኪሎቢት ገደማ ነው። ስክሪን ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ይሄ ይበቃዋል። 18 ስትለው አዲሱ ኢንኮደር የድሮው ኢንኮደር ያበላሸውን ሁሉ ሳይቀር በጥንቃቄ ይቀዳልሃል። ፊደሎቹ ዙሪያ ያለውን ብዥታ ጭምር። ጥራት አልጨመርክም፤ ያለውን ጉድለት በውድ ገዛኸው። እንዲህ ያለውን ፋይል እንዳለ ብትተወው ይሻላል።

የርቀት_መምህር

ገባኝ። ግን ብዥታው ራሱ ነው የሚያናድደኝ። ስላይዶቼ ሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍ አላቸው። ቀዩ ዳር ዳሩ ፈሶ ነው የሚታየው። 10 አድርጌም ሞከርኩት፣ ያው ነው።

ቢት_ቆጣሪ

10 ቢሆን 0 ቢሆን አይስተካከልም። ችግሩ ሲአርኤፍ ጋር አይደለም። `ffprobe` ብለህ ፋይሉን እየው፣ `yuv420p` የሚል ታገኛለህ። በዚህ አሠራር ብርሃኑ በሙሉ ሪዞሉሽን ይቀመጣል፣ ቀለሙ ግን በወርድም በቁመትም በግማሽ። ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ልዩነቱ የብርሃን ስለሆነ አይጎዳም። ቀይና ሰማያዊ ግን ብርሃናቸው ተቀራራቢ ነው፣ የሚለያቸው ቀለሙ ነው። ቀለሙ ደግሞ ሩቡ ብቻ ነው ያለው።

`yuv444p` የሚባል ሙሉ ቀለም የሚይዝ አለ። ግን ብዙ ስልክና ብሮውዘር ያንን ዓይነት ቪዲዮ አይከፍትም። ደግሞ ቀረጻው ራሱ 420 ከሆነ የጠፋው ጠፍቷል፣ አሁን 444 ማለት ባዶ ማሰሮ መክደን ነው። የስላይዱን ቀለም ቀይረው።

የርቀት_መምህር

የስላይዱ ቀለም የእኔ ምርጫ አይደለም፣ ከላይ የመጣ ነው። ቢያንስ ምክንያቱን አወቅኩት።

ሰሌዳ_ፊት

አመሰግናለሁ። (በነገራችን ላይ እህት ነኝ፣ ግን አልተቀየምኩም 🙂)

የመረጥኩት ደቂቃ መምህሩ ማትሪክስ እየጻፈ እየደለዘ የሚሄድበትን ነው። ዋናው ላይ ያ ደቂቃ 180 ሜጋባይት ይመጣል። ሲጨመቅ እንዲህ ሆነ፦ በ18 61 ሜጋባይት፣ በ20 41፣ በ23 22፣ በ26 13፣ በ28 9.5።

ከ18 ወደ 23 ሲወርድ ከግማሽ በታች መሆኑ ገረመኝ። ስድስት እንኳ አልሞላም።

አየሁት ደግሞ። 18፣ 20 እና 23ን መለየት አልቻልኩም። 26 ላይ አንድ ነገር አለ። መምህሩ ሲጽፍ እጁ ስር ያለው ጽሑፍ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፣ እጁን ሲያነሳ ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። 28 ላይ የራስጌዋ 2 ቁጥር ነጥብ ሆናለች። ለምንድን ነው መጀመሪያ ደብዝዞ በኋላ የሚጠራው?

ቢት_ቆጣሪ

ጥሩ ዓይን አለሽ እህቴ፣ ይቅርታ ስለ ወንዱ።

ከ18 እስከ 23 ያ ሁሉ መጠን የጠፋው ኖይዙ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ኢንኮደሩ ነጠብጣቦቹን መጣል ይጀምራል፣ እነሱ ሲቀሩ ፋይሉ በአንዴ ይሟሽሻል። በንጹሕ ምስል ላይ ቁልቁለቱ እንዲህ አይሆንም።

የጭጋጉ ነገር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። x264 ወደፊት የሚመጡ ፍሬሞችን አስቀድሞ ያያል። አንድ የምስሉ ክፍል ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ የሚቆይ ከሆነ እዚያ ላይ ቢት ያፈሳል፣ ምክንያቱም የሚመጡት ፍሬሞች ሁሉ ከዚያ ይቀዳሉ። ቶሎ የሚጠፋ ነገር ላይ ግን ይቆጥባል። ስላይድና አሮጌ ጽሑፍ በዚህ ተጠቃሚ ናቸው። የሚንቀሳቀስ እጅና እጁ አጠገብ ያለው አዲስ መስመር ተጎጂ ናቸው። እጁ ሲነሳ ያ ቦታ "ቋሚ" ይሆንና በተከታዮቹ ፍሬሞች ይስተካከላል።

በተራ ቪዲዮ ማንም አያስተውለውም። በሌክቸር ግን ተማሪው የሚያየው በትክክል እዚያ ቦታ ነው፤ አሁን እየተጻፈ ያለውን። ስለዚህ አንቺ ከ26 በታች ነው መቆም ያለብሽ። እስካሁን ባየሽው 23 ያንቺ ነው። ግን ኖይዙን ሳንነካ አንጨርስም።

ቸኩዬ_ነው

እኔ ይሄ ሁሉ ክርክር አልገባኝም። 18 ብል 23 ብል 35 ብል ፋይሉ ያው አንድ መጠን ነው የሚወጣው። ሲአርኤፍ የሚባለው ነገር አይሠራም። ግራፊክስ ካርዴ ግን በጣም ፈጣን ነው፣ አንድ ሰዓቱን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ቢት_ቆጣሪ

ትእዛዝህ ውስጥ `h264_nvenc` ይላል?

ቸኩዬ_ነው

አዎ፣ እሱ ነው ፈጣኑ።

ቢት_ቆጣሪ

እሱ `-crf` የሚባል ነገር አያውቅም። ተርሚናሉ ላይ ወደ ላይ ብትመለስ `has not been used for any stream` የሚል ማስጠንቀቂያ ታያለህ። ቁጥርህን አልተጠቀመበትም። በራሱ ነባሪ ቢትሬት ነው የሠራው፣ መጠኑ የማይለወጠው ለዚህ ነው። በካርዱ መሥራት ከፈለግክ እንዲህ ነው፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -c:v h264_nvenc -rc vbr -cq 24 -b:v 0 out.mp4
```

ግን የ `-cq` 24 እና የ libx264 24 አንድ አይደሉም። ቁጥሩን ከዚህ ወደዚያ አትውሰድ፣ ሙከራውን እንደገና ትጀምራለህ።

ቸኩዬ_ነው

ወይ ጉድ። ያን ማስጠንቀቂያ ስንቴ አልፌዋለሁ። አሁን መጠኑ ተቀየረ።

ጥራት_ወዳድ

እሺ፣ 18 በዛ እንበል። ታዲያ 23 ላይ `-preset veryslow` ብትጨምሪበት ጥራቱ ይጨምራል። ጊዜ ካለሽ ነፃ ጥራት ነው።

ቢት_ቆጣሪ

አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምረው ጥራት ሳይሆን የሚቀንሰው መጠን ነው። ቁጥሩ ጥራቱን በግምት ይይዛል፣ ፕሪሴቱ እዚያ ጥራት ላይ ለመድረስ ስንት ቢት እንደሚፈጅ ይወስናል። "በግምት" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሁለት ፕሪሴቶች በአንድ ቁጥር በትክክል አንድ ምስል አይሰጡም።

በተለይ በ `ultrafast` ሞክሮ በ `slow` መጨረስ አይሆንም። `ultrafast` ቅድም ያልኩትን ወደፊት የማየት ዘዴ ጨምሮ ብዙ ነገር ያጠፋል። የምትሞክሪው በምትጨርሺበት ፕሪሴት ይሁን። ከ `slow` ወደ `veryslow` የሚገኘው ትርፍ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቪዲዮ ከሚጨምረው ጥበቃ ጋር ሲመዛዘን ለእኔ አይመቸኝም። ኮምፒውተሩ ሌሊት ስራ ፈት ከሆነ ግን ምን ቸገረሽ።

አሁን ወደ ኖይዙ። `hqdn3d` የሚባል ፊልተር አለ። አራት ቁጥር ይቀበላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ፍሬም ውስጥ ያለውን ያለሰልሳሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ከፍሬም ወደ ፍሬም የሚርመሰመሰውን። ለጥቁር ሰሌዳ የመጀመሪያዎቹን ዝቅ አድርጊ፣ አለዚያ ሳሳ ያለውን ጠመኔ ከኖይዙ ጋር ጠርጎ ይወስደዋል። የካሜራው ቦታ ቋሚ ስለሆነ ሁለተኛዎቹ በደንብ ይሠሩልሻል።

```
ffmpeg -ss 00:41:00 -i lecture.mp4 -t 60 -vf hqdn3d=1:1:4:4 \
  -c:v libx264 -preset slow -crf 23 -an d23.mp4
```

ከመጠን በላይ ከሄድሽ የምታውቂው በመምህሩ ነው። እጁን ሲያወዛውዝ ከኋላው ጥላ ይጎተታል። ሲደልዝም የተደለዘው ጽሑፍ ለቅጽበት እንደ መንፈስ ይቆያል። ያንን ካየሽ 4ቱን ወደ 3 አውርጂው።

ዝምተኛ_አንባቢ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የማልፈው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ማየቱ። ሰው ራሱን ያታልላል። 28 መሆኑን ካወቅሽ ብዥታ ትፈልጊያለሽ፣ 18 መሆኑን ካወቅሽ ደግሞ አታይም። እኔ ፋይሎቹን ሌላ ሰው ስማቸውን እንዲቀይር አደርጋለሁ፣ ሀ ለ ሐ ብሎ። ከዚያ በተለመደው ርቀት፣ በሙሉ ስክሪን፣ ሳላቆም አያለሁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ፍሬም አውጥቼ የማወዳድረው፦

```
ffmpeg -ss 27 -i d23.mp4 -frames:v 1 d23.png
```

ከየፋይሉ ተመሳሳይዋን ሰከንድ ማውጣት ነው። ምስሎቹን በአንድ መስኮት እያፈራረቁ ማየት ጎን ለጎን ከማየት ይሻላል። ሲፈራረቁ የተለወጠው ነገር ራሱ ይዘላል።

ቢት_ቆጣሪ

ትክክል። የምታወጣው ሰከንድ ደግሞ የክሊፑ መጀመሪያ አይሁን። የመጀመሪያው ፍሬም ኪፍሬም ነው፣ ከሌላ ፍሬም ሳይቀዳ ለብቻው የሚጻፍ፤ ስለዚህ ስለ ቀሪው ብዙ አይነግርህም። እጁ እየጻፈ ያለበትን ቅጽበት አውጣ።

ጥራት_ወዳድ

በዓይን መመዘን ምን ያስፈልጋል? ቪማፍ አለ፣ ኤስኤስአይኤም አለ። ቁጥር ይሰጥሃል፣ አለቀ።

ቢት_ቆጣሪ

አሉ፣ እኔም እጠቀማለሁ። ሁለት ኢንኮድ ተቀራራቢ ሲሆኑብኝ ያግዙኛል። ግን የሚሰጡህ በአብዛኛው የጠቅላላውን አማካይ ነው። የአንቺ ፍሬም ዘጠኝ እጁ ባዶ ሰሌዳና ግድግዳ ነው፣ እሱ ሁልጊዜ ጥሩ ውጤት ያመጣል። ነጥብ የሆነችው የራስጌ 2 በአማካዩ ውስጥ ትሰጥማለች። ደግሞ ኖይዙን ስታጠፊ መለኪያው ከዋናው ጋር ስለሚያወዳድር "ተበላሸ" ይልሻል፤ ለዓይን ግን ተሻሽሏል።

ጥራት_ወዳድ

አልስማማም። አማካዩን ትተህ ዝቅተኛ ውጤት ያገኙትን ፍሬሞች ማየት ትችላለህ።

ቢት_ቆጣሪ

ዝቅተኛዎቹን ማየቱ ከአማካዩ ይሻላል፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን የፍሬሙ ውጤት ራሱ የዚያ ፍሬም አማካይ ነው። ጠመኔዋ አሁንም ሰጥማለች።

ሰሌዳ_ፊት

ሞክሬ መጣሁ። በፊልተሩ 23 ላይ ያቺ ደቂቃ 12 ሜጋባይት ሆነች፣ ያለ ፊልተር 22 ነበረች። ማለትም ያለ ፊልተር 26 ላይ ከነበረው እንኳ ያንሳል፣ ጭጋጉ ግን የለም። ሰሌዳው እንዲያውም ከዋናው ይልቅ ጸጥ ብሏል። ጥላ መጎተት አላየሁም። 22 አድርጌ ስሞክረው 14 ሆነ።

ስሞቹን አስቀይሬም አየሁ። ያለ ፊልተር 20 እና በፊልተር 22ን አገላብጬ ነው የገመትኩት።

ሌላ ችግር ግን አለ። መብራት ቀንሰው ስላይድ የሚያሳዩበት ቦታ ላይ ከፕሮጀክተሩ ዙሪያ ያለው ጨለማ ግድግዳ ቀለበት ቀለበት ሠርቷል፣ ደረጃ እንዳለው። 20 ላይም ትንሽ አለ። በየ10 ሰከንዱ ደግሞ ግድግዳው ድንገት ልብስ እንደቀየረ ነገር ይሆናል።

ቢት_ቆጣሪ

የ10 ሰከንዱን መልስ በሂሳብ ታገኚዋለሽ። x264 በነባሪ ቢበዛ በየ250 ፍሬሙ ኪፍሬም ያስቀምጣል። 250 ለ25 ሲካፈል 10 ነው። ኪፍሬሙ ግድግዳውን እንደ አዲስ ይስለዋል፣ አዲሱ ሥዕል ከበፊቱ ትንሽ ይለያል፣ ዓይንሽ ያንን ዝላይ ያየዋል። ጨለማና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው በጣም የሚታየው።

ቀለበቶቹ ደግሞ ቀስ እያለ የሚጠቁር ጥላ በጥቂት ደረጃዎች ሲቀመጥ የሚመጡ ናቸው። ኢንኮደሩ ጨለማ ቦታ ላይ ዝርዝር የለም ብሎ ይቆጥባል። `-aq-mode 3` ብትዪው ለጨለማ ክፍሎች የበለጠ ቢት እንዲያደላ ታደርጊዋለሽ። ሁለቱንም ችግር ያቀለዋል፣ ፋይሉ ትንሽ ይጨምራል።

እውነቱን ለመናገር ቀለበቶቹ ሙሉ በሙሉ አይጠፉም። ኖይዙ ራሱ እነሱን ይሸፍን ነበር፣ አንቺ ደግሞ ጠረግሽው። ግን ግድግዳ ነው። ተማሪ ግድግዳ አያጠናም።

ሰሌዳ_ፊት

😄 እሺ። ሙሉውን እንዲህ አሳልፌዋለሁ፦

```
ffmpeg -i lecture.mp4 -vf hqdn3d=1:1:4:4 \
  -c:v libx264 -preset slow -crf 22 -aq-mode 3 \
  -c:a aac -ac 1 -b:a 64k -movflags +faststart out.mp4
```

940 ሜጋባይት ወጣ። ከ16.5 ጊጋ! በከባዷ ደቂቃ ልክ ቢሆን ኖሮ 1.3 ጊጋ ገደማ ነበር የጠበቅኩት። የግድግዳው ዝላይ አሁን ካልፈለግኩት አይታየኝም።

ቢት_ቆጣሪ

ከባዷ ደቂቃ ጥራቱን ለመወሰን ነው እንጂ መጠኑን ለመተንበይ አትሆንም። ቀሪው ቀላል ስለሆነ ሁልጊዜ ከግምቱ ታንሺያለሽ።

ድምፁን ወደ አንድ ቻናል ማውረድሽ ጥሩ ነው። በ64 ኪሎቢት ለሙሉው 44 ሜጋባይት ነው የሚወስደው፣ ለንግግር ይበቃል። ዋናውን ፋይል ግን አሁን አትደምስሺ። መጀመሪያ መሀሉና መጨረሻው ላይ ድምፁና ከንፈሩ አብረው እንደሚሄዱ እዪ።

ቸኩዬ_ነው

ኤች 265 ብትጠቀሙ ግማሽ ይሆን ነበር እኮ። `libx265` ብላችሁ 28፣ አለቀ። ነባሪውም 28 ነው።

ቢት_ቆጣሪ

የ `libx265` 28 ከ `libx264` 23 ጋር ይቀራረባል ይባላል፣ መነሻ ይሆናል። መጠኑም ያንሳል። ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛ፣ ሳሳ ያለ ነገርን ማለስለስ ይወዳል፣ ስለዚህ ለጠመኔ 28ን ሳልሞክር አላምነውም። ሁለተኛ፣ አንዳንድ አሮጌ ስልክና ብሮውዘር ላይ አይከፈትም፣ ወይም ይንቀራፈፋል። ለማስቀመጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ለማይታወቅ ስልክ የሚላክ ከሆነ እኔ 264 ላይ እቆያለሁ።

ቸኩዬ_ነው

የኔ ተማሪዎች ሁሉ ይከፍትላቸዋል። ማንም ቅሬታ አላቀረበም።

ዝምተኛ_አንባቢ

ቅሬታ የማያቀርቡት ስላልከፈቱት ይሆን እንዴ?

ሰሌዳ_ፊት

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ይሄንን 22 ለሚመጡት ሌክቸሮች ሁሉ ልጠቀምበት? በየጊዜው ይሄን ሁሉ ሙከራ መሥራት ይከብደኛል።

ቢት_ቆጣሪ

ካሜራው፣ ክፍሉና መብራቱ ካልተለወጡ ይሠራል። ሲአርኤፍ የተሠራው ለዚህ ነው፤ መጠኑ ከሌክቸር ሌክቸር ይለዋወጣል፣ የሚታየው ጥራት ግን ተቀራራቢ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ 700 ሌላው 1,200 ሜጋባይት ቢወጣ አትደንግጪ። ድንገት እጥፍ ከሆነ ግን መብራት ቀንሰው ወይም ካሜራው ጨለማን ለማካካስ አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ ይሆናል፣ ኖይዙን እዪው። ክፍሉ ነጭ ሰሌዳ ያለበት ከሆነ እንደገና ሞክሪ። ነጭ ላይ የሚደበዝዘው ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ አልቆ የደረቀ ማርከር።

ጥራት_ወዳድ

እኔ ግን አሁንም አንድ ያልተነሳ ነገር አለኝ። ለስልክ ከሆነ ለምን 1080 ላይ ትሟሟታላችሁ? ወደ 720 አውርዳችሁ 19 አድርጉት። መጠኑ ተቀራራቢ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ፒክስል ደግሞ ንጹሕ ነው።

ቢት_ቆጣሪ

ለስላይድ ትልልቅ ፊደል እሺ። ከኋላ ለተቀረጸ ሰሌዳ ግን ያቺ የራስጌ 2 በ1080 ራሱ ስንት ፒክስል ናት? በ720 ሁለት ሦስተኛዋ ነው የሚቀረው። ንጹሕ ሆና የማትነበብ ትሆናለች።

ጥራት_ወዳድ

በስልክ ስክሪን በ1080ም አትነበብም።

ዝምተኛ_አንባቢ

ስልክ ላይ ሰው በሁለት ጣት አጉልቶ ያያል እኮ። እኔ እንደዛ ነው የማየው።

ሰሌዳ_ፊት

ያቺን የማትሪክስ ደቂቃ በ720 እና 19 አሳልፌ በስልክ አጉልቼ አያታለሁ። ፍሬሞቹን ነገ እለጥፋለሁ፣ ያኔ ተከራከሩ።